በጉራ የሞላ መኪና

መኪናው ከገበያው በር ላይ ቆሟል። ሸራው አልተገለጠም። ሹፌሩ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወደ ሰማይ ያያል። ከሸራው ስር የቲማቲም ሽታ ይወጣል፤ ለጊዜው ደስ የሚል ሽታ ነው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ያ ሽታ ወደ ምን እንደሚለወጥ አትክልት ሸጦ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

እታለም ከመኪናው አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ገበያው ሁሉ "እታለም" እያለ ስለሚጠራት የመታወቂያ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ከእርሻው ጋር በተፈረመው ውል ላይ የሰፈረው ግን ያ ስሟ ነው።

"ሰዎቹስ?" አላት ሹፌሩ።

"ይመጣሉ።"

"ቅድምም ይመጣሉ ብለሽኝ ነበር።"

"አሁንም ይመጣሉ።"

"እህቴ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ጌታዬ ያለኝ ግን አንድ ነው። ቀሪው ሒሳብ እጅህ ሳይገባ አንዲት ሳጥን እንዳታወርድ፤ እስከ እኩለ ቀን ካልከፈሉህ ለሚከፍልህ ሽጠህ ና ብሎኛል። የጎደለውን ከአንቺ ነው የሚጠይቀው።"

"ለሚከፍልህ" የተባለው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ከበሩ ማዶ፣ በትልቁ የብረት በር ስር፣ አንድ ሰው ወንበር አውጥቶ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የአባ መጋዘን ሠራተኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መኪናውን ልክ የታመመ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው እየጠበቀው ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከስሩ ልንገራችሁ።

በዚህ ገበያ ውስጥ በአንድ ረድፍ ተቀምጠው ቲማቲም የሚሸጡ አስር ሴቶችና አንድ ወንድ አሉ። አስራ አንዱም የሚገዙት ከአንድ ሰው ነበር። በጅምላ ከሚያከፋፍለው፣ በትልቁ መጋዘኑ ስም "አባ መጋዘን" ከሚሉት ሰውዬ። ጠዋት በሩን ከፍቶ ዋጋ ይጠራል፤ የሚከራከረው የለም። እጅ ያጠረው ሰው በዱቤ ይወስዳል። በዱቤ የወሰደ ደግሞ ሳጥን ልምረጥ አይልም፤ ዋጋ ቀንስልኝም አይልም። ሳጥኑ ሲከፈት ከላይ እንቁላል የመሰለ ቲማቲም ይታያል፤ ከስር ያለው ግን ገንፎ ነው። ምን ይደረጋል! "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መሸከም ነው።

አንድ ቀን የእርሻው ጫኝ ሽንኩርት ሊገዛ መጥቶ ከእታለም ጋር ሲጫወት፣ አባ መጋዘን ከእርሻው በስንት እንደሚያነሳ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው። እታለም በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ባለ እርሻው ዘንድ ሄደች። ሰውዬው ቁጭ አድርጎ ሰማትና "ሳጥን በሳጥን አልሸጥም፤ ሙሉ መኪና ከያዛችሁ ግን ለእሱ በምሸጥበት ዋጋ እሸጥላችኋለሁ" አላት። ቤቷ ገብታ የመኪናውን ኪራይና የአውራጁን ጨምራ ብታሰላው፣ ከአምስት ሳጥን የአንዱ ዋጋ ኪሳቸው ውስጥ የሚቀር ሆነ።

ረድፉን በሙሉ ቤቷ ጠራች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ባሏ ራቅ ብሎ በግንባታ ሥራ ላይ ስለሆነ ከአማቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖርበታለች። ልጆቹን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ ሰዎቹ አልጋው ላይም ዱካው ላይም ተደራርበው ተቀመጡ። አማቷ እዚያው ረድፍ ላይ ከጎኗ ነው የምትሸጠው። እጇ ያነሳውን ሁሉ ያለ ሚዛን ልክ ስለምታውቅ "እማማ ሚዛን" ይሏታል። በዚያ ቀን ጥግ ይዛ አኮረፈች።

"ያጎረሰኝን እጅ አልነክስም" አለች።

"የጎረሱት እኮ የበሰበሰ ነው፣ እማማ" አለች አንዷ።

"የበሰበሰም ቢሆን ጠግቤበታለሁ።"

የሆነ ሆኖ ተስማሙ። መጀመሪያ በየሦስት ቀኑ የሚመጣው መኪና ይሞላ አይሞላ እንደሆነ መታወቅ ነበረበት። እታለም "በሦስት ቀን ስንት ሳጥን ትሸጣላችሁ?" ብላ ጠየቀች። በረድፉ ያለው ብቸኛ ወንድ፣ ከቲማቲሙ ጎን ካሮት ስለሚደረድር ጋሼ ካሮት የሚባለው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ "እኔ እንኳ ሃያ ሳይሞላ አድሬ አላውቅም" አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ዝቅ ይላል? አንዷ አስራ ስምንት፣ አንዷ አስራ ስድስት አለች። እማማ ሚዛንም ኩርፊያዋን ትታ "አስራ አራት" አለች። ቀረጥ ሰብሳቢ ሲመጣ "ገበያው ሞቷል፣ ጌታዬ" ብለው የሚያለቅሱ ሰዎች ናቸው እነዚህ! ጎረቤት ፊት ሲሆን ግን ሁሉም ባለጸጋ ሆነ። ሲደመር መኪናው ሞልቶ ቁጭ። አጨበጨቡ።

ለእርሻው የሚከፈለውን ቅድሚያ ክፍያ እኩል አዋጡ። ሃያ ያለውም አስር ያለችውም እኩል። "ወንድምና እህት ነን፣ ምን መለያየት አለ" ተባለ። ልብ በሉልኝ፣ ስህተቱ የገባው እዚህ ጋ ነው።

ሊወጡ ሲሉ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አገኙ። ጎማው ነው፤ አትክልት በጋሪ እየገፉ የሚሸጡት ሰዎች አለቃ። "እኛንም አስገቡን" አለ፣ ኮፍያውን አውልቆ። እማማ ሚዛን ዘላ ተነሳች።

"አፍንጫችን ስር ቆማችሁ ገበያችንን የምትቀሙን አንሶ? ሂድ ወዲያ! ጎማህን ሳላስተነፍሰው!"

ሄደ። 

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። መኪናው በጠዋት ሲደርስ አባ መጋዘን በሩን ከፍቶ ዋጋ አስጠራ። ያ ዋጋ እርሻው ከሰጣቸው ዋጋ እንኳ ያነሰ ነበር። ጥሪውን ሰምተው ያልዞሩ አንገቶች አልነበሩም። ከዚያም ሠራተኛው ጨመረበት፤ "ከዚያ መኪና አንድ ሳጥን ያወረደ ሰው ከነገ ጀምሮ እዚህ ደጃፍ እንዳይደርስ ተብሏል!"

ለዚህ ነው እታለም ብቻዋን የቆመችው።

አባ መጋዘን ራሱ ወጣ። ወፍራም ነው፤ ድምፁ ግን ለስላሳ ነው፤ በጣም ለስላሳ። ከመኪናው አጠገብ መጥቶ ሸራውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ልጄ፣ ቀልተሻል። ጥላ ውስጥ አትቆሚም?"

"ደህና ነኝ፣ ጋሼ።"

"ባልሽ ደህና ነው? ልጆችስ?"

"ይመስገን።"

"አየሽ፣ እኔ ቂም አልይዝም። ይሄን ጭነት እኔ ላንሳልሽ። ያዋጣችሁት እርግጥ ይቀልጣል፤ ትምህርት ቤት እንደከፈላችሁ ቁጠሩት። ለእርሻው የሚጎድለውን በዱቤ ስምሽ ላይ እይዝልሽና ቀስ ብለሽ ትመልሻለሽ። ቦታሽ ላይ ትቀመጫለሽ፤ እንደ ድሮው።" ፈገግ አለ። "አለዚያ ግን ከማን እንደምትገዢ እኔ አላውቅም።"

 እታለም መኪናውን ተደገፈች። "ቀስ ብለሽ" ያለው ዱቤ ልጆቿ እስኪያድጉ እንደማያልቅ ገብቷታል።

"ትንሽ ጠብቀኝ" አለችው ሹፌሩን።

"ፀሐይዋን ለምኛት" አላት።

ወደ ረድፉ ስትገባ ሁሉም እቃውን ማስተካከል ጀመረ። የተስተካከለውን ያፈርሳሉ፤ መልሰው ይሠሩታል። ዓይኗን የሚያይ ጠፋ።

"እሺ፣ አልከዳሁም የሚል አለ?" አለች።

"ማን ከዳ?" አለች ሽቅርቅሯ፣ ጥፍሯን ማቅለም የማትረሳ ወጣት ሻጭ። "እኔ እወስዳለሁ። ስድስት እወስዳለሁ።"

"አስራ ስድስት ነበር ያልሽው።"

"ስድስት ነው ያልኩት።"

"ጋሼስ?"

ጋሼ ካሮት ካሮቱን በጨርቅ ወለወለ። "እንግዲህ ገበያው ቀዝቅዟል። እንደው... አስር ቢሆን?"

"ሃያ ሳይሞላ አድረው አያውቁም ነበር እኮ!"

"በደህናው ጊዜ ነዋ!"

 እታለም የጋሼን መደብ አየችው። ሃያ ሳጥን ቢመጣ እሱ ራሱ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የሽቅርቅሯን አየች። ከዚያ የራሷን አየች፤ ስታየው ፊቷ ጋለ። ሰዎቹ እየከዷት አልነበረም። መጀመሪያውኑ ያልነበረ ነገር ነው ዛሬ የጎደለው።

"ስሙኝ" አለች፣ ጮክ ብላ። "እኔ አስራ አምስት ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። የምሸጠው ዘጠኝ ነው።"



"ዘጠኝ?" አለች እማማ ሚዛን ካጠገቧ። "ስምንት ነው ምራቴ! አጠገብሽ አይደል እንዴ የምቀመጠው? በሦስተኛው ቀን ማታ ማታ ዘጠነኛውን ለጎረቤት ታድያለሽ።"

አንዷ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ።

"እርስዎስ እማማ? አስራ አራት ብለዋል" አለች ሽቅርቅሯ።

"እኔማ አርጅቻለሁ፤ ሰባት።" አሮጊቷ ወደ ጋሼ ካሮት ዞረች። "አንተስ፣ ባለ ሃያው? ወይስ እኔ ልናገርልህ?"

"እሺ ዘጠኝ!" አለ ጋሼ ካሮት ቀልቶ። "ዘጠኝ በሉኝ! ሁላችሁም ስትከምሩ እኔ ምን ላድርግ?"

"አንተ አይደለህ የጀመርከው!"

ሳቁ አልቆየም። ሁሉም እውነተኛውን ሲናገር ከመኪናው ግማሹ ያህል ባለቤት አጣ። ባለቤት ያጣውም ሳይከፈል ሹፌሩ አያወርድም።

"ያዋጣሁት እኩል ነው፤ የምወስደው ግን አምስት ነው" አለች መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ሴት። "የኔ ገንዘብ ለሌላ ሰው ሳጥን ሊሆን ነው?"

"አይሆንም" አለች እታለም። "የሳጥኑ ዋጋ አንድ ነው። ኪራዩም አውራጁም ገብቶበት። የወሰድሽውን በዋጋው ታባዢና ያዋጣሽውን ትቀንሺለታለሽ፤ አሁን የምትከፍይው የተረፈውን ብቻ ነው። ብዙ የሚወስድ ብዙ ይጨምራል። ሲጀመርም እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት፤ በሳጥኑ ልክ ብናዋጣ ኖሮ አፋችንም ልክ ይኖረው ነበር።"

"ጥሩ" አለች ሴትየዋ። "ግን አባ መጋዘን ዛሬ ከዚህም አርክሶ ይሸጣል። ለምን ከእሱ አልገዛም? ልጅ አለኝ።"

 ሁሉም ልጅ አለው። ዓይኖች ወደ ብረቱ በር መሄድ ሲጀምሩ፣ እማማ ሚዛን ወገቧን ይዛ ተነሳች። አብሮ መግዛቱን ከማንም በላይ የጠላች እሷ ነበረች፤ ስለዚህ ሁሉም ዞረው አዩዋት።

"እኔ ከእሱ ስገዛ ባልሽን ገና በሆዴ ተሸክሜ ነበር" አለች ለእታለም። "ያኔ ቀጭን ነበር። ዋጋ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዝናብ ሲጠፋ ጨመረ፤ ዝናብ ሲበዛ ጨመረ። ባሌ የሞተ ሳምንት እንኳ ጨመረብኝ። ዛሬ ለምን ቀነሰ?" እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። "ያ መኪና ስለቆመ ነው! ያ ዋጋ የእሱ አይደለም፤ የመኪናው ነው። መኪናው ሲሄድ ዋጋውም አብሮት ይሄዳል። ዛሬ ከእሱ በርካሽ የገዛ ሰው ነገ ምን ሊገዛ ነው?"



"ግን እማማ፣ ግማሹ ባለቤት የለውም" አለ ጋሼ ካሮት ቀስ ብሎ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል..."

"ሎሚ ይቆያል፤ ይሄ ቲማቲም ነው!" አለችው። ከዚያ አገጯን አሻሸች። 

"ጎማውን ጥሩት" አለች።

የጋሪ ሰዎቹ ከግንቡ ጥላ ስር ቆመው ሁሉን ያዩ ነበር። ጎማው መጣ፤ ዛሬ ግን ኮፍያውን አላወለቀም።

"ጎማዬን ልታስተነፍሱልኝ ነው?"

"ቀልዱን ተወው" አለች እታለም። "የተረፈውን ውሰዱ። በእኛው ዋጋ።"

"ሲጎድልባችሁ ነው የምታውቁን?"

"አዎ" አለች እታለም። "እውነቱ እሱ ነው።"

ጎማው ይህን አልጠበቀም። "ስሙ" አለ። "አፍንጫችሁ ስር ለምን እንደምንቆም ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ? አባ መጋዘን ለእኛ የሚሸጠው የለሰለሰውን ነው። የለሰለሰ ቲማቲም በኮረኮንች ላይ ሲገፋ ሰፈር ሳንደርስ ጭማቂ ይሆናል። ስለዚህ እዚሁ በር ላይ አራግፈነው እንሄዳለን። ጠንካራውን፣ ገና ያልቀላውን ስጡን፤ እስከ ከተማው ጫፍ እንገፋዋለን። እናንተ ፊት ማን ይቆማል?"

 የረድፉ ሰዎች ሁሉ የሚፈልጉት ቀዩን ነው። አረንጓዴው ለማን እንደሚደርስ ሲጨቃጨቁ ሰንብተዋል።

"ከእኛ ዋጋ በታች ግን አትሸጡም" አለች እማማ ሚዛን።

"እናንተም ከእኛ በታች። ደግሞ ዛሬ መሙያ፣ ነገ ባይተዋር መሆን የለም። አባል ነን። በሚቀጥለው ጭነት ስንነጋገር ቤት ውስጥ እንቀመጣለን፤ በር ላይ አይደለም።"

"አልጋው ጠባብ ነው" አለች አሮጊቷ።

"እንጠጋጋለን፣ እማማ።"

"ተቀበልን በሉት!" ብላ ሽቅርቅሯ ጮኸች። "እዩት! እዩት ሰውዬውን!"

አባ መጋዘን ሹፌሩ ዘንድ ቆሟል። ሠራተኛው የታሰረ ገንዘብ ይዟል። ሹፌሩ የሸራውን ገመድ አንዱን ጫፍ ፈትቶታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ የሚናገር የለም። አንዷ ከመቀነቷ፣ አንዷ ከጡት መያዣዋ፣ ጋሼ ካሮት ከካልሲው ውስጥ ገንዘብ አወጡ። የጋሪ ሰዎቹ ተሯሩጠው ከያሉበት አመጡ። እማማ ሚዛን በመዳፏ እየመዘነች "ይሄ ይጎድላል፣ ጨምር" ትላለች፤ ሲቆጠርም እውነትም ይጎድላል። እታለም ሁሉንም በሻሿ ቋጥራ ሮጠች። ጫማዋ አንዱ መንገድ ላይ ቀረ።

"አቁም!" አለች ከሩቅ።

ሹፌሩ ገመዱን እንደያዘ ዞረ። አባ መጋዘን አልዞረም። "ቁጠር እንጂ፣ ጎበዝ" አለው በለስላሳው ድምፁ።

ሹፌሩ ሰማዩን አየ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ አልፋለች የሚል ሰው ቢኖር የሚከራከረው አያጣም ነበር። እታለም ሻሿን መኪናው መከላከያ ላይ ዘረገፈችው። ከኋላዋ ረድፉ በሙሉ፣ ከረድፉም ኋላ ጋሪዎቹ ነበሩ።

"ቀድሞ ውል ያለው ሰው ይቀድማል" አለ ሹፌሩ፣ አባ መጋዘንን ሳያይ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ሸራውን ጎትቶ ጣለው።

ሳጥኖቹን በሦስት ከፈሏቸው፤ የቀላ፣ ገና መቅላት የጀመረ፣ አረንጓዴ። ማንም ከላይ ባለው እንዳይታለል ከየሳጥኑ እስከ ስሩ ተፈተሸ። የቀላውንና መቅላት የጀመረውን ረድፉ በዕጣ ተከፋፈለው፤ ጋሼ ካሮት ዕጣው መጥፎ ወጣልኝ ብሎ አጉረመረመ፤ የሰማውም የለም። አረንጓዴው ጋሪ ላይ ወጣ። አንዲት ሴት ብቻ፣ ያቺ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው፣ አምስት ሳጥኗን ወስዳ ስታበቃ እየፈራች ወደ ብረቱ በር ታይ ነበር። እርግጥ ያስፈራል። ነገ ቲማቲሙ ቢያልቅና መኪና ቢዘገይ በሩ እንደተዘጋባቸው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም።

መኪናው ባዶውን ከሄደ በኋላ፣ አቧራው ገና ሳይረጋ፣ ከብረቱ በር ዋጋ ተጠራ። ከትናንቱም ጨምሯል። እማማ ሚዛን አንድ ቲማቲም አንስታ በመዳፏ መዘነችና ለእታለም ሰጠቻት።

"አላልኩሽም?" አለች። "ሄደ ዋጋው።"

"ጫማዬም ሄዷል" አለች እታለም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ከገበያ በፊት፣ እዚያችው አንድ ክፍል ውስጥ እንደገና ተሰበሰቡ። ጎማው አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከእማማ ሚዛን ጎን ተሸጉጦ ተቀምጧል። እታለም እንደ በፊቱ "ስንት ሳጥን ትወስዳላችሁ?" አላለችም። ባዶ ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችና "ለምትፈልጉት ሳጥን ሁሉ ቅድሚያ ክፍያውን በየሳጥኑ እዚህ ላይ አድርጉ" አለች።

ጋሼ ካሮት ጉሮሮውን ጠረገ። ኪሱ ገባ። ሳህኑን አየ፤ እጁን አየ፤ ጎረቤቶቹን አየ።

"ዘጠኝ እንኳ በዛ መሰለኝ" አለ። "ስምንት አድርጉኝ።"